ዕዳን ቀድሞ ስንዘጋ በእርግጥ የሚተርፈን ስንት ነው?
በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ዕቁብ ሲወጣልን፣ ከውጭ ዘመድ ገንዘብ ሲልክልን ወይም የሸጥነው ዕቃ ክፍያው በአንድ ጊዜ ሲገባ ስለሚመጣብን ሐሳብ ነው። “ይቺን ብድር ዘግቼ ልገላገል፣ ወለዱም ይተርፈኛል” እንላለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቀድሞ በመክፈል የሚተርፈው ገንዘብ በብዙዎቻችን ግምት ካለው ያነሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምንም የማይተርፍበት ጊዜም አለ፤ እንዲያውም የምንከስርበት ጊዜ አለ። የትኛው እንደሚደርስብን የሚወስነው የወለዱ መጠን ብቻ ሳይሆን ውሉ ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው። ስሌቱ ደግሞ በስልካችን ማስያ የሚሠራ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች የምታስረክብ አንዲት እህት እናስብ። 100,000 ብር ለ24 ወር ተበድራለች። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ነው። በየወሩ 4,992 ብር ትከፍላለች። 12 ወር ሳታቋርጥ ከፈለች፤ ልክ በዓመቱ የ60,000 ብር ዕቁብ ወጣላት። ትዝጋው ወይስ አትዝጋው?

መጀመሪያ የሚመጣላት ግምት ይህ ነው። የ24 ወሩ ክፍያ ሲደመር 119,808 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ወለዱ 19,808 ብር ነው። “ግማሹን ጊዜ ጨርሻለሁ፣ ግማሹ ወለድ ማለትም ወደ 9,900 ብር ይተርፈኛል” ትላለች። ትክክል አይደለም።

ምክንያቱን እንየው። በመጀመሪያው ወር ዕዳዋ ሙሉው 100,000 ብር ነበር። የወሩ ወለድ አንድ ተኩል በመቶ ስለሆነ 1,500 ብር ነው። ከከፈለችው 4,992 ብር ውስጥ 1,500ው ለወለድ ሄደ፤ ከዋናው ዕዳ የተቀነሰው 3,492 ብር ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ዕዳው 96,508 ብር ሆነ፤ ወለዱም ወደ 1,448 ብር ወረደ። እንዲህ እያለ ወለዱ በየወሩ ይቀንሳል፣ ከዋናው የሚነሳው ይጨምራል። በመጨረሻው በ24ኛው ወር ከክፍያዋ ውስጥ ወለድ የሚሆነው ወደ 74 ብር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወለዱ የሚከብደው መጀመሪያ ላይ ነው። በ12 ወሩ ወደ 14,360 ብር ወለድ ከፍላ ጨርሳለች፤ የሄደው ሄዷል። ሊተርፋት የሚችለው ገና ያልከፈለችው ወለድ ብቻ ነው።

ያንን ለማወቅ የወለድ ቀመር መማር አያስፈልግም። ሁለት ቁጥር ብቻ እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ብድሩን ሳንዘጋ ብንቀጥል ገና የምንከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ የቀሩት ወራት በወርኃዊው ክፍያ ሲባዛ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ብንዘጋው አበዳሪው ጠቅላላ የሚጠይቀን ገንዘብ ነው። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ስንቀንስ የሚተርፈን ይወጣል።

ለእህታችን እንሥራው። ቀሪው 12 ወር በ4,992 ሲባዛ 59,904 ብር ነው። የ12ኛውን ወር ክፍያ እንደከፈለች የቀረው ዋና ዕዳ 54,455 ብር ነው። አበዳሪው ይህን ብቻ ተቀብሎ ከዘጋላት 5,449 ብር ይተርፋታል። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ከጠበቀችው ከ9,900 ብር ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ብዙም አያልፍም።

ብድሩን ለመዝጋት የሚበቃ ገንዘብ በሌላ ጊዜ አግኝታ ቢሆንስ? በ6ኛው ወር ቢሆን የቀረው ክፍያ 89,856 ብር፣ የቀረው ዋና ዕዳ ደግሞ 78,244 ብር ነበር፤ የሚተርፋትም 11,612 ብር ይሆን ነበር። በ18ኛው ወር ከሆነ ግን የቀረው ክፍያ 29,952፣ ዋናው ዕዳ 28,443 ብር ነው፤ የሚተርፋት 1,509 ብር ብቻ ነው። ብድሩ እየተጋመሰ ከሄደ በኋላ ለመዝጋት መጣደፍ ጥቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል።

እስካሁን ያሰብነው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብበትን ብድር ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ከቁጠባና ብድር ተቋማት የምንወስደው ግን ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በተለምዶ “ፍላት” የሚባለው። በፍላት ብድር ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ቀን በተሰጠን ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው፤ እየከፈልን ዕዳው ቢቀንስም ወለዱ አይቀንስም።

የዚያችው እህት ብድር 100,000 ብር፣ 24 ወር፣ በዓመት 10 በመቶ ፍላት ቢሆን ኖሮ እንበል። የዓመቱ ወለድ 10,000፣ የሁለት ዓመቱ 20,000 ብር ነው። ጠቅላላው 120,000 ለ24 ሲካፈል በወር 5,000 ብር ይደርሳታል። እስቲ ልብ በሉ፤ 18 በመቶ የነበረው ብድር ወርኃዊ ክፍያ 4,992 ብር ነበር። በ8 ብር ብቻ ይለያያሉ። 10 በመቶ ሲባል ርካሽ የመሰለን ብድር፣ ሲሠራ 18 በመቶ ከተባለው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ስለዚህ “ወለዱ ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ “በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በፍላት?” የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

አሁን ይህን የፍላት ብድር በ12ኛው ወር ልትዘጋ ሄደች። የቀራት ክፍያ 12 ጊዜ 5,000፣ ማለትም 60,000 ብር ነው። በተቋሙ አሠራር ከዚህ ውስጥ 50,000ው ዋና ዕዳ፣ 10,000ው ወለድ ነው። ውሉ “ተበዳሪው ቀድሞ ቢከፍልም የውሉን ዘመን ሙሉ ወለድ ይከፍላል” የሚል ከሆነ የምትጠየቀው ሙሉውን 60,000 ነው። በሁለት ቁጥራችን ስንሠራው 60,000 ሲቀነስ 60,000 ዜሮ ነው። ዕቁቧን በሙሉ ሰጥታ አንድ ብር አልተረፋትም። ወለዱን ለወደፊቱ ዓመትም አስቀድማ ከፈለች ማለት ነው። በተቃራኒው ውሉ “ያልደረሰው ወለድ አይጠየቅም” ካለ 50,000 ብር ከፍላ ትዘጋለች፤ 10,000 ብር ይተርፋታል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ መክፈል በጣም ያዋጣል። ከሁለቱ መሐል፣ የተወሰነውን ወለድ ብቻ የሚተዉም አሉ። ብድሩ አንድ ነው፣ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ የፍላት ብድር ያለባችሁ አባላት ከውላችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህን ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ሁለተኛው የሚፈለገው መስመር ቅጣት ነው። ውል ውስጥ “ቅጣት” የሚለውን ቃል ስናይ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መዘግየት የሚናገር ነው፤ እሱን አይተን “ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት የለም” ብለን እንዳንዘናጋ። ቀድሞ ስለመክፈል የሚናገረው ክፍል “ብድርን ከጊዜው በፊት ስለማጠናቀቅ” ወይም ይህን በመሰለ ርዕስ ሥር ይገኛል። ርዕስ ሳይኖረው “ልዩ ልዩ ክፍያዎች” ውስጥ የሚገባበትም ጊዜ አለ። አንዳንዱ ውል ደግሞ ቁጥር አይጽፍም፤ “ተቋሙ በሥራ ላይ ባዋለው የክፍያ ተመን መሠረት” ብሎ ያልፋል። እንዲህ ካለ ተመኑ የውሉ አካል ነውና ቅጂውን መጠየቅ ነው።

ቅጣቱ በመቶኛ ሲጻፍ ደግሞ መቶኛው ከምን ላይ እንደሚታሰብ እንይ። “3 በመቶ” የሚለው ብቻ አይነግረንም። ወደ መጀመሪያው የ18 በመቶ ብድር እንመለስ። ውሉ “ከቀሪው ዕዳ 3 በመቶ” ካለ የ54,455 ብር 3 በመቶ 1,634 ብር ነው። ከሚተርፋት 5,449 ላይ ሲቀነስ 3,815 ብር ይቀራታል። “ከተፈቀደው ብድር 3 በመቶ” ካለ ግን የሚታሰበው ከ100,000 ላይ ነው፤ 3,000 ብር ይሆናል፤ የሚተርፋት ወደ 2,449 ብር ይወርዳል።

ይህ ልዩነት በብድሩ መጨረሻ አካባቢ ይብሳል። በ18ኛው ወር የሚተርፋት 1,509 ብር እንደነበር አይተናል። ቅጣቱ ከቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ 853 ብር ነው፤ 656 ብር ይተርፋታል። ከተፈቀደው ብድር ላይ ከሆነ ግን ያው 3,000 ብር ነው፤ 1,491 ብር ትከስራለች። እንዲህ ያለ ውል የያዘች ሴት በ18ኛው ወር ገንዘብ ቢኖራትም ዝም ብላ በየወሩ መክፈሏ ይሻላታል።

ከመቶኛው ሌላ ሁለት ነገሮችን እንፈልግ። አንዱ ማስታወቂያ ነው፤ አንዳንድ ውል ለመዝጋት ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ካላሳወቅን የዚያን ወር ወለድ ያስከፍላል። ሌላው ዝቅተኛ ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ከስድስት ወር በፊት የሚዘጋ ብድር የስድስት ወር ወለድ ይከፈልበታል የሚል ሊኖር ይችላል። ብድሩን የምንዘጋው ከሌላ ባንክ ተበድረን ከሆነ ቅጣቱ ከፍ የሚልባቸው ውሎችም አሉ።

ቅጣቱን ቀንሰን ያገኘነው ቁጥር ግን የመጨረሻው አይደለም። ዕቁቡ ለዕዳ ባይውል ኖሮ ምን ይሠራ ነበር? ይህን ካልጠየቅን ስሌቱ ግማሽ ነው። እህታችን 54,455ቱን ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ደብተር አስቀምጣ፣ ከዚያው እያወጣች የወሩን ክፍያ ብትከፍል እንበል። ገንዘቡ ከ54,455 ተነስቶ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠው በአማካይ ግማሹ፣ ወደ 27,200 ብር ነው። የዚያ 7 በመቶ ወደ 1,900 ብር ይሆናል። ብድሩን ከዘጋች ይህ ቀረባት። ስለዚህ ከ3,815 ላይ 1,900 ሲቀነስ በእርግጥ የሚተርፋት 1,915 ብር ነው። ቅጣቱ ከተፈቀደው ብድር ላይ ለሆነባት ደግሞ ከ2,449 ላይ 1,900 ሲቀነስ 549 ብር ብቻ ነው። በ9,900 ብር ግምት የተጀመረ ሐሳብ እዚህ ይደርሳል።

ሥራ ያላት ሴት ደግሞ ገንዘቡ ከቁጠባ ደብተር በላይ የሚጠቅምበት ቦታ ሊኖራት ይችላል። ይህች እህት በወር ሁለት ኩንታል ጤፍ ትገዛለች እንበል። ዕቁቧን ለዕዳው ሰጥታ እጇ ባዶ ቢሆንና ጤፉን በዱቤ መውሰድ ብትጀምር፣ ነጋዴው በኩንታል 100 ብር ብቻ ቢጨምርባት፣ በወር 200፣ በዓመት 2,400 ብር ነው። ከ1,915 ብር ይበልጣል። ከአንዱ ዕዳ ወጥታ የበለጠ ውድ ወደ ሆነ ዕዳ ገባች ማለት ነው። የዱቤው ዕዳ “ወለድ” ተብሎ ስላልተጻፈ ብቻ አይታየንም። ስለዚህ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰውንና ለክፉ ቀን የሚሆነውን ሳንነካ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ነው ለዕዳ ማሰብ።

በሌላ በኩል በብር የማይቆጠር ጥቅምም አለ። ብድሩ ሲዘጋ ዋሶቻችን ነጻ ይወጣሉ፣ የቤት ካርታው ወይም ሊብሬው ይመለሳል፣ በወር 4,992 ብር የማቅረብ ሐሳብ ይቀራል። ለዚህ ስትል 549 ብር ብቻ ቢተርፋትም ልትዘጋ የምትፈልግ ትኖራለች፤ መብቷ ነው። የምንለው፣ እረፍት እየገዛች መሆኑን አውቃ ትዝጋ፤ ትርፍ እያገኘች መስሏት አይሁን።

ከዚያ ደግሞ ሙሉውን ሳይሆን ከፊሉን መክፈል አለ። ከዕቁቡ 30,000ውን ለዕዳ ልታደርግና የቀረውን ለሥራዋ ልትይዝ ትችላለች። ለብዙዎቻችን የሚስማማው ይህ ነው። እዚህ ላይ ግን ገንዘቡ መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚገባ ሁሉን ነገር ይወስናል። ቅጣት የለበትም ብለን ሦስቱን መንገዶች እንይ።

አንደኛው፣ 30,000ው በቀጥታ ከዋናው ዕዳ ይቀነስና ወርኃዊው ክፍያ እንደነበረ 4,992 ብር ሆኖ ይቀጥላል። ዕዳው ከ54,455 ወደ 24,455 ይወርዳል፤ አምስት ወር ከፍላ በስድስተኛው ወር በ600 ብር ገደማ ትጨርሳለች። ከወለዱ የሚተርፋት ወደ 4,300 ብር ነው። ሁለተኛው፣ ከዋናው ዕዳ ይቀነስና 12 ወሩ እንዳለ ሆኖ ወርኃዊው ክፍያ ወደ 2,242 ብር ይወርዳል። የሚተርፋት ወደ 3,000 ብር ነው፤ ወሩ ግን ይቀልላታል። ገበያዋ ከፍና ዝቅ ለሚልባት ይህ ሊሻላት ይችላል። ሦስተኛው መንገድ አደገኛው ነው። ገንዘቡ “የቀጣይ ወራት ክፍያ” ተብሎ ይመዘገባል። ስድስት ወር ሳትከፍል ትቀመጣለች፤ ዋናው ዕዳ ግን በሰንጠረዡ እንደነበረው ነው የሚወርደው፤ የሚተርፋት ወለድ ዜሮ ነው።

መስኮቱ ላይ ዝም ብለን 30,000 ብር ካስገባን ሦስተኛው ሊሆንብን ይችላል። ስለዚህ “ይህ ገንዘብ ከዋናው ብድር እንዲቀነስልኝ፣ ወርኃዊ ክፍያዬም እንዳለ እንዲቀጥል እጠይቃለሁ” የሚል አጭር ማመልከቻ ጽፎ በቅጂው ላይ ማስፈረምና አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ መቀበል ያስፈልጋል። ተለውጦ እንደሆነ የሚታወቀው በአዲሱ ሰንጠረዥ ነው፤ የቀሪው ዋና ዕዳ ዓምድ ከ24,455 ብር መጀመር አለበት። አዲስ ሰንጠረዥ ካልተሰጠን ምንም አልተለወጠም ብለን እናስብ።

ሙሉ በሙሉ ለምንዘጋም አካሄዱ ይህን ይመስላል። ገንዘቡን ከማስገባታችን በፊት የብድር ክፍሉን “ብድሬን በዚህ ቀን ብዘጋ የምከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ነው?” ብለን በጽሑፍ እንጠይቅ። መልሱ ዋናውን ዕዳ፣ እስከዚያ ቀን የደረሰውን ወለድ፣ ቅጣቱንና ሌላውን ክፍያ ለየብቻ ያሳይ፤ እስከ መቼ እንደሚያገለግልም ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ትርጉም አለው። በምሳሌያችን በ54,455 ብር ላይ ወለዱ በቀን ወደ 27 ብር ይሆናል፤ አሥር ቀን ብትዘገይ 269 ብር ገደማ ይጨመርባታል። ለመዝጋት የሚመቸው ቀን የወሩ ክፍያ የተከፈለበት ቀን ነው። የግዴታ ቁጠባ ያላችሁ ደግሞ ቁጠባው ከዕዳው ጋር ሊቻቻል ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም መቼ እንደሚመለስ አብራችሁ ጠይቁ።

ጽሑፉ እንደመጣ ሁለቱን ቁጥሮች እናስተያይ። ቀሪው ወር በወርኃዊው ክፍያ ተባዝቶ አንድ ወገን፣ የተጠየቀው ጠቅላላ ገንዘብ በሌላ ወገን። ከልዩነቱ ላይ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ያስገኝ የነበረውን እንቀንስ። የቀረው ቁጥር የሚያጠግብ ከሆነ እንክፈል። ከከፈልን በኋላ ደረሰኝ ብቻ ይዘን አንመለስ፤ ብድሩ ሙሉ በሙሉ መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የዋሶች መሰናበቻና መያዣ ላይ እግድ ካለ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ መቀበል አለብን። የ50 ብር ቀሪ ዕዳ በስህተት ክፍት ቢቀር ሒሳቡ እንደ ዘገየ ብድር ሊቆጠርና በሚቀጥለው ብድራችን ላይ ሊመጣብን ይችላል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ብድር ያላችሁ አባላት ሁሉ የውላችሁን ቅጂና የክፍያ ሰንጠረዣችሁን ይዛችሁ ኑ። ቅጂ ያልተሰጣችሁ ካላችሁ ከዚያ በፊት ከአበዳሪያችሁ ጠይቁ። ሁለት ሁለት እየሆንን ሦስት ነገር እንፈልጋለን፤ ወለዱ በቀሪ ዕዳ ነው ወይስ በፍላት፣ ቀድሞ ሲዘጋ ያልደረሰው ወለድ ይቀራል ወይስ ይጠየቃል፣ ቅጣት ካለ ከቀሪው ነው ወይስ ከተፈቀደው። ሦስቱን ያገኘች የራሷን ስሌት እዚያው ሠርታ ትሄዳለች።